«ሌቦች ናቸው» ለሚል አስተያየት የጻፍኩት ምላሽ

«በጎግል ገጻችን ላይ አንድ ደንበኛ አንድ ኮከብ ሰጥቶ በጣም መራራ አስተያየት ጽፎብናል። ከጻፈው ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ስም ማጥፋት ነው። ዝም ብል ያመንኩ ይመስላል፤ ብመልስ ጭቅጭቅ ይሆናል። ገና ያልመጣው ደንበኛ እንዳይሸሽ ምን ብዬ ልጻፍ?»

የላፕቶፕ ጥገና ሱቅ አለኝ። ልክ እንደ እርስዎ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት የሆነ አስተያየት ተጽፎብኝ መጀመሪያ በንዴት መልሼ ነበር፤ በማግሥቱ አጥፍቼ ሌላ ጻፍኩ። ሁለቱንም ባሳይዎ ከምክር የተሻለ ይመስለኛል።

ደንበኛው ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ አምጥቶ በ3 ቀን ይደርሳል ብለነው ነበር። ያዘዝነው ስክሪን የሌላ ሞዴል ሆኖ ስለመጣ፣ ተመልሶ እስኪለወጥ ድረስ ሥራው 11 ቀን ፈጀ። ላፕቶፑ ሲከፈት ደግሞ ባትሪው አብጦ ተገኘ፤ ቴክኒሽያናችን ደውሎ ነግሮት እሺ በማለቱ ባትሪውም ተቀየረ። ሊወስድ በመጣ ጊዜ ሒሳቡ ካሰበው በላይ ሆነበትና ማታውኑ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «3 ቀን ብለው 11 ቀን አቆዩብኝ። ለምን እንደዘገየ የነገረኝ ሰው የለም። ያላዘዝኩትን ባትሪ ቀይረው አስከፈሉኝ። ሌቦች ናቸው።»

እኔም በዚያው ሌሊት ይህን መለስኩ፦ «መዘግየቱ የተከሰተው በዕቃ አቅራቢው ስህተት ነው። ስለ ባትሪው በስልክ ተነግሮህ እሺ ብለሃል። ሰውን ሌባ ከማለትህ በፊት ብታስብ ጥሩ ነው። ቅር ከተሰኘህ ግን ይቅርታ።» በዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ጠዋት ለባለቤቴ ሳነብላት ግን «እኔ ደንበኛችሁ ብሆንና ብንጋጭ እንዲህ ነው የምትናገሩኝ ማለት ነው?» አለችኝ። ስለ ባትሪው ማን ልክ እንደሆነ አልጠየቀችም። ገና ያልመጣ ደንበኛም እንደ እርሷ ነው የሚያነበው፤ የስልክ ንግግራችንን አልሰማምና ሊፈርድበት አይችልም፤ ማየት የሚችለው ነገር ሲበላሽ እኛ ምን ዓይነት ሰዎች እንደምንሆን ብቻ ነው።

በምትኩ የለጠፍኩት ምላሽ ይህ ነው፦

«በ3 ቀን እናደርሳለን ብለን በ11ኛው ቀን አስረክበንዎታል፤ በመካከሉም ስለ መዘግየቱ አልደወልንልዎትም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስላጉላላንዎት ይቅርታ እንጠይቃለን። የዘገየው ያዘዝነው ስክሪን የተሳሳተ ሆኖ በመምጣቱ ቢሆንም፣ ያንን በዚያው ቀን ልንነግርዎት ይገባን ነበር። ስለ ባትሪው በእኛ መዝገብ ላይ የሰፈረው በስልክ ተነጋግረን እንደተቀየረ ነው፤ ነገር ግን ፈቃድዎን በጽሑፍ አልተቀበልንም፤ አሮጌውንም ባትሪ አላሳየንዎትም። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ደንበኛው ዋጋውን አይቶ በአጭር መልእክት ካልፈቀደ በስተቀር ተጨማሪ ሥራ አንጀምርም፤ የተቀየረውንም ዕቃ ሲረከብ እናሳየዋለን። ሒሳቡን ከእርስዎ ጋር አብረን ለማየት በደረሰኝዎ ላይ ባለው ቁጥር ቢደውሉ እኔው ራሴ አነጋግርዎታለሁ። የሱቁ ባለቤት።»

ብዙ የደከምኩበት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። በስልክ ለሚያነብ ሰው ረዘም ያለ ምላሽ ተቆርጦ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ብቻ ስለሚታዩት፣ እነዚያ መስመሮች «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» በሚል ባዶ ሰላምታ ከተያዙ ቀሪውን የሚከፍተው ጥቂት ነው። ስለዚህ እውነት የሆነውን ግማሽ፣ ቁጥሩን ሳልሸሽግ፣ መጀመሪያ አስቀመጥኩት። የራሱን ጥፋት በቁጥር የተናገረ ሰው ቀጥሎ ስለ ባትሪው የሚለው ይታመንለታል፤ ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት ግን ያው ቃል ማስተባበያ ይሆናል።

ቃላቱንም ይጠንቀቁ። «መዘግየት ተከስቷል» ማለት የዘገየ ሰው የለም ማለት ነው፤ «ዘግይተናል» ሲሉ ግን ባለቤት አለው። «ቅር ከተሰኙ ይቅርታ» የሚለውም በዚያች «ከ» ምክንያት ቅሬታውን ጥርጣሬ ውስጥ ይከትተዋል፤ «ስላጉላላንዎት» ሲሉ ነገሩ ተፈጽሟል፣ ታምኗል። ሌላው አንተታ ነው። እኛ በሱቅ ውስጥ ሁሉንም «እርስዎ» እያልን እናስተናግዳለን፤ በንዴቴ ግን ወደ «አንተ» መውረዴን ያየሁት ጠዋት ነው። አንባቢ ከምንም በፊት ይህንን ያያል።

ለሐሰቱ ግማሽ የተከተልኩት መንገድ ይህ ነው፦ መዝገባችን የሚለውን አንድ ጊዜ፣ ያለ ቅጽል ተናገርኩ፤ «ዋሽተዋል» አላልኩም፤ ከዚያም ጥርጣሬው ሊፈጠር የቻለበትን የራሳችንን ቀዳዳ አሳየሁ። «ሌቦች» የሚለውን ቃል ጨርሶ አልነካሁትም። ስድብን «እኛ ሌቦች አይደለንም» ብሎ መመለስ ቃሉን በራስ ገጽ ላይ ሁለተኛ ጊዜ መጻፍ ነው። ጽሑፍ ላይ የሚፈቀድ ሥራና በዓይን የሚታይ አሮጌ ባትሪ ግን ሌባ የማይመርጠው አሠራር ስለሆነ አንባቢው ራሱ ይደመድማል።

የተናገሩትን ለውጥ መለጠፍ የሚገባው በእርግጥ ከጀመሩት ብቻ ነው። እኔ የመልእክቱን ነገር ለሠራተኞቼ አስረድቼ ሥራ ላይ ካዋልኩ በኋላ ነው የለጠፍኩት፤ ካልሆነ ቀጣዩ ቅር ያለው ደንበኛ ያንኑ ቃል ጠቅሶ ይጽፍብናል።

ደንበኛው ራሱ ያልጻፈውን ነገር፣ ስሙን፣ ስልኩን፣ የከፈለውን ገንዘብ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የታየውን፣ እርስዎ አይጻፉ፤ ልክ መሆንዎን ቢያረጋግጥም እንኳ የሚያነበው ሰው «የእኔንም እንዲህ ያወጡታል» ይላል። ካሳ መስጠት ካሰቡም በስልክ ይጨርሱት። ኮከቡን እንዲለውጥ ቅናሽ ወይም ገንዘብ ማቅረብ ደግሞ በጎግል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ሰውየው ያቀረቡለትን አስተያየቱ ላይ ቢጨምረው ምን እንደሚመስል ያስቡት።

አስተያየቱን ለጎግል ሪፖርት ማድረግ እንደሚቻል ሰዎች ይነግሩዎታል። ይህ የሚሠራው የውሸት ደንበኛ፣ ማስፈራሪያ ወይም ሌላ ደንብ የሚጥስ ነገር ሲኖር ነው፤ መራራ መሆኑ ብቻውን አያስነሣውም። ሰውየው ከነጭራሹ በመዝገብዎ ከሌለ ግን ምላሽዎን ያሳጥሩት፦ «በዚህ ስምና በጠቀሱት ጊዜ የተመዘገበ ሥራ አላገኘንም፤ የደረሰኝ ቁጥርዎን ቢልኩልን ዛሬውኑ እናጣራለን።» በሌላ ስም የመጣ እውነተኛ ደንበኛ ሊሆን ስለሚችል «ሐሰተኛ ነህ» ብለው አይዝጉት።

የእኔው ደንበኛ አልደወለም፤ ኮከቡንም አልለወጠም። እርሱ መልሶ ቢጽፍ ኖሮ እንኳ ሁለተኛ ዙር አልገባም ነበር፤ ጎግል ለአንድ አስተያየት አንድ የባለቤት ምላሽ ስለሚያሳይ፣ ቢያስፈልግ ያንኑ ማረም ይቻላል። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ግን አንዲት ሴት ላፕቶፕዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ገና ችግሩን ሳትነግረን «አሮጌውን ዕቃ ታሳያላችሁ አይደል? አንብቤያለሁ» አለችን።