ልጄ ስድብ ለምዶ መጣ፤ ምን ልመልስለት?

«ዶክተር፣ ልጄ 3 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ባጃጅ ይነዳል፤ አንዳንዴ ልጁን ይዞት ይዞራል። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ልጄ አማቴን እናት የሚያነሳ ስድብ ሰደባቸው። ጎረቤቶቹ ሳቁ። አማቴ ከንፈሩን ቆነጠጡት። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰበት፤ ሲነሳም ሲተኛም ይለዋል። በርበሬ አቅምሺው ይሉኛል። ትርጉሙን እንኳ ሳያውቅ እንዴት ያዘው? እኔስ ምን ልበለው?»
አንዲት እናት፣ ከጅማ

በርበሬውን ለወጥ ይተዉት። ከንፈርና ምላስ ያቃጥላል፤ ልጁ አፉን በነካበት እጅ ዓይኑን ሲያሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በጭሱ ማጠን ከዚህም የከፋ ነው። የአየር ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠባል፤ አስም ያለበት ልጅ ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል። ይህን ከጨረስን ወደ ስድቡ እንሂድ።

እውነት ነው፣ ልጅዎ ትርጉሙን አያውቅም። የሚያውቀው የሰው ፊት ነው። ሕፃናት አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲሉ ጀምሮ እንግዳ ነገር ሲገጥማቸው ዞር ብለው የእናታቸውን ፊት ያያሉ። ያስፈራል? ያስቃል? መልሱን የሚያገኙት ከፊቷ ነው። ቃልንም እንዲሁ ይመዝናሉ። ነውር የሆነ ቃል በድምፁ ከሌላው አይለይም፤ ነውርነቱን ልጁ የሚማረው ቃሉ ሲወጣ ዙሪያውን ያሉ ሰዎች ከሚሆኑት ነገር ነው።

የእርስዎን ቤት ጉዳይ ከመጀመሪያው እንየው። ምናልባት እንዲህ ሆኖ ይሆናል። ባጃጁ መርካቶ አካባቢ ይሄዳል፣ ሞተር ሳይክል ድንገት ይገባበታል፣ አጎት ፍሬን ይይዛል። ድምፁ ይለወጥና ያቺ ቃል ትወጣለች። (በነገራችን ላይ፣ ልጁ የሚቀመጠው ከፊት ከሹፌሩ አጠገብ ከሆነ እኔን ከስድቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።) በዚያ ቀን ልጁ ብዙ ቃል ሰምቷል። ይቺ ግን ከንዴት ጋር ስለመጣች ጆሮው ላይ ቀረች። የተከለከለች መሆኗን ገና አያውቅም። ሰው ሲበሽቅ የሚላት ነገር አድርጎ ነው የያዛት።

ከዚያ እሑድ መጣ። ትልልቆቹ ወሬ ይዘዋል፣ እሱን የሚያየው የለም። ቃሏን ወረወራት። ወሬው ቆመ፣ ሁሉም ዞረ፣ ግማሹ ሳቀ፣ አያት ተነስተው ቆነጠጡት። የቤቱን ሰው በሙሉ በአንዲት ቃል አንቀሳቀሰ! ቃሏ የተከለከለች መሆኗንም ጉልበት እንዳላትም የተማረው በዚያች ደቂቃ ነው።

አሁን ደጋግሞ የሚለው ስለባለገ አይደለም፤ እየሞከረ ነው። ለአጎቴ ስለው ይስቃል፣ ለእማዬ ስለው ትደነግጣለች፣ ለአያቴ ስለው ይቆነጥጡኛል። ምላሹ በየሰዉ ሲለያይ ሙከራው አያልቅም። አንዴ የሚሳቅለት፣ አንዴ የሚቀጣበት ነገር ከሁሉም በላይ የሚከርም ነው። ቁንጥጫውም አይጠቅምም። ልጁ የሚማርበት አያት ፊት አለመሳደብን ብቻ ነው፤ ጓሮ ሄዶ ይለዋል።

ታዲያ ሲለው ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ፊትዎን ይያዙ። ሳቅም ድንጋጤም አይታይ። እንዲያው ለወሬ የወረወረው ከሆነ፣ ማለትም ብሎ የእርስዎን ዓይን የሚያይ ከሆነ፣ እንዳልሰሙ ይሁኑና የያዙትን ሥራ ይቀጥሉ። ትንሽ ቆይቶ ደህና ነገር ሲናገር ግን ዞር ብለው ያጫውቱት።

ሰው ላይ ያነጣጠረ ከሆነ ዝም አይባልም። ጠጋ ይበሉ፣ ከቁመቱ እኩል ዝቅ ይበሉ፣ ድምፅዎንም ዝቅ ያድርጉ። «ይህ ቃል ሰው ያስከፋል። እኛ ቤት አይባልም። ስትናደድ ‹ተናድጃለሁ› በል።» በቃ። ስብከት አይጨምሩ፤ በዚህ ዕድሜ ከሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አይገባውም፣ ረጅም ቁጣ ደግሞ ለእሱ ረጅም ትኩረት ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አይዝለሏት። ንዴቱ እውነተኛ ነው፤ የሚልበት ሌላ ቃል ካልሰጡት ወደ አጎቱ ቃል ይመለሳል። ያንኑ ሰው እንደገና ከሰደበ ያለ ጩኸት ከዚያ ቦታ ያንሱትና ሁለት ሦስት ደቂቃ አጠገብዎ ያስቀምጡት፤ በዚያች ጊዜ ጨዋታ የለም። ሲያበቃ ነገሩን መልሰው አያንሱበት።

«ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀ አይቆጡት። «ሰው ሲናደድ ሌላውን ለማስከፋት የሚለው ነው» ይበቃዋል። ሌሎች ስድቦችን እየጠሩ «ይህንንም እንዳትል፣ ያንንም እንዳትል» አይበሉት፤ ዝርዝሩን ራስዎ አስተማሩት ማለት ነው።

አንድ ነገር ቀድመው ይወቁ። የሰው ትኩረት ሲቋረጥበት ለጥቂት ቀናት ሊብስበት፣ ጮክ ብሎም ሊለው ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «ምክሩ አልሠራም» ብለው ይገርፉታል ወይም ያቅታቸውና ይስቃሉ። በዚያን ጊዜ የተማረው አምርሮ መጮህ እንደሚያዋጣ ነው።

በጅማ ያለን ወላጆች ሌላም ነገር ያጋጥመናል። ልጁ ቤት አማርኛ፣ ውጪ ከጓደኞቹ ጋር ኦሮምኛ ይናገራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ቱርክኛ አፍ የፈቱ፣ በኋላ እንግሊዝኛ የተማሩ ሰዎችን ቆዳ ለካ። ሰው ሲደነግጥ መዳፉ በትንሹ ያልበዋል፤ መለኪያው ይህ ነው። በልጅነት የሚሰማ ተግሣጽ በመጀመሪያው ቋንቋ ሲነገራቸው ከሁለተኛው ይልቅ አብልጦ ያንቀሳቅሳቸው ነበር። የቃል ክብደት ከፊትና ከድምፅ ጋር በልጅነት ስለሚያዝ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ልጅዎ በደንብ ባልያዘው ቋንቋ ከሠፈር ስድብ ይዞ ቢመጣ ክብደቱን ጨርሶ አያውቀውም፤ ለእሱ ባዶ ድምፅ ነው። በዚህ አይቅጡት። ይልቅ ሁልጊዜ በሚያባብሉትና በሚገሥጹት ቋንቋ ያቺኑ አጭር ዓረፍተ ነገር ይንገሩት።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው? ስድቡ ሳያስበው የሚያመልጠው ከመሰለ፣ አብሮም ዓይን ማርገብገብ፣ ትከሻ መንቀጥቀጥ ወይም ጉሮሮ መጥረግ ካለ ያሳዩት፤ ቲክ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። የሚያነሳው ነገር ስለ ግብረ ሥጋ ከሆነና ለዕድሜው የማይመጥን ዝርዝር ካለው፣ ወይም አንድን ሰው መፍራት ከጀመረ፣ ሲሸና ካመመው፣ ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አይደለም። ደጋግመው አይመርምሩት፣ ያለውን እንዳለው ይያዙና ቶሎ ይዘውት ይምጡ። እርስዎ የጻፉልኝ ግን ይህን አይመስልም።

የሚከብደው ትልልቆቹን ማስማማት ነው። አጎቱን ባለቤትዎ ያናግሩት፤ ልጁ ሲሰድብ አይሳቅ፣ መንገድ ላይ ካመለጠውም «ተሳስቻለሁ፣ ይህ አይባልም» ይበል። አማትዎን «አይቆንጥጡት» ማለት ለምራት እንደማይቀል አውቃለሁ። ሐኪም ነው ያለው ይበሏቸው፤ ካላመኑም ይህን ጽሑፍ ባለቤትዎ ያንብቡላቸው።