ጥሬ ቡና ፈልገው የተቆላ ለደረሳቸው ደንበኛ የሚጻፍ መልስ

«ደንበኛችን በማዘዣ ቅጹ ላይ ‹የይርጋጨፌ ቡና፣ 2 ኪሎ› ብለው ሞሉ። የተቆላ ላክንላቸው፤ የፈለጉት ጥሬ ነበር። ጥፋተኛ ሳላደርጋቸው ምን ብዬ ልመልስ?»

«ጥሬ መሆኑን አልገለጹም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር፣ በትሕትና ቃል ተሸፍኖም ቢሆን፣ ከመልስዎ ያውጡት። እውነት ቢሆንም ደንበኛዎን ወደ ክርክር ይጋብዛል። በሌላ በኩል «የታዘዘውን ትተን ሌላ ላክን» ብሎ መጻፍም ያልሆነውን መናገር ነው። በመካከል ያለው እውነት ቅጹ ይህን አለመጠየቁ ስለሆነ፣ የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ቅጹን ያድርጉት፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«የጠበቁት ጥሬ ቡና ሆኖ ሳለ የተቆላ ስለደረሰዎት ከልብ እናዝናለን። ቅጻችን ጥሬ ወይም የተቆላ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ስለሌለው የተቆላ እንደሆነ ገምተን ልከናል፤ ቀድመን ልንጠይቅዎት ይገባን ነበር። 2 ኪሎ ጥሬ የይርጋጨፌ ቡና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመላክ ተዘጋጅተናል፤ ልክ ከሆነ ‹አዎ› ብለው ይመልሱልን። ያልተከፈተውን እሽግ መልእክተኛችን ይወስዳል፤ ከከፈቱት ግን በእጅዎ ይቆይ።»

የተከፈተውን መልሱ አለማለት ተገቢ ይመስለኛል፤ የተቆላ ቡና ከተከፈተ በኋላ መዓዛው ቶሎ ስለሚጠፋ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ማረጋገጫውንም አይዝለሉት፤ ያለ እርሱ ሁለተኛው ጭነትም በግምት የተላከ ይሆናል። ቅጹ ላይ ደግሞ «ጥሬ»፣ «የተቆላ» እና «የተፈጨ» የሚሉ ምርጫዎችን ያስገቡ፤ አንዱ ሳይመረጥ ትእዛዙ እንዳያልፍ፣ አንዱም አስቀድሞ የተመረጠ ሆኖ እንዳይቀርብ ያድርጉ።