«V»ን ዘግቼው ያለፈው ፕሮግራም

«ሰላም ቤተሰቦች። ከአገር ቤት ከመጣን ብዙም አልቆየንም። ቲቪ ላይ ጥግ ላይ TV-PG፣ TV-14 እያለ የሚወጣውን ማን ነው የሚሰጠው? እሱን አምነን የ8 ዓመት ልጅ ማስቀመጥ ይቻላል? ሎክ ማድረግ ፈልጌ ሜኑው ውስጥ ፊደል በፊደል ሆነብኝ።»

እህቴ፣ የኔም ልጅ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ልንገርሽና አንቺ አትልፊ።

1. ደረጃውን የሚሰጠው መንግሥት አይደለም። ብዙ ሰው ኤፍሲሲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ፕሮግራሙን እያየ የሚፈርድ ይመስለዋል። ኤፍሲሲ ለአንድም ፕሮግራም ደረጃ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ቲቪ አምራቾች ቪ-ቺፕ የሚባለውን መዝጊያ እንዲያስገቡ አስገደደ። ቺፑ የሚያነበውን ደረጃ ያወጡት ግን የቴሌቪዥንና የፊልም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ዕድሜው ብቻ ነበር የሚጻፈው። ወላጆች «ምን እንዳለበት ሳንነገር ዕድሜ ብቻ ምን ያደርግልናል» ብለው ስለጮኹ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፊደሎቹ ተጨመሩ።

ስለዚህ ቻናሉ ወይም ፕሮግራሙን የሚያከፋፍለው ድርጅት ራሱ አይቶ ራሱ ይፈርዳል። የሚፈርደውም ክፍል በክፍል ነው። ያው ድራማ ዛሬ TV-PG ሆኖ ነገ TV-14 ሊመጣ ይችላል። «ይሄንንማ ባለፈው አይተነዋል፣ ችግር የለውም» ብለሽ ልጅሽን ትተሽ ወደ ኩሽና አትግቢ። ምልክቱ ፕሮግራሙ ሲጀምር ለ15 ሰከንድ በግራ በኩል ከላይ ይታያል። ያኔ ካላየሽው ሊያልፍሽ ይችላል።

2. ፊደሎቹ። V ድብድብና ደም ነው። S ወሲብ ነክ ትዕይንት፣ L ስድብና ብልግና ቃል፣ D ደግሞ በወሬ ብቻ ወደ ወሲብ የሚያዘነብል ነገር ነው። በልጆች ካርቱን ላይ የምታዪው FV የተረት ዓይነት ድብድብ ነው። ያው ፊደል ግን ከየትኛው ዕድሜ ጋር እንደተጻፈ እዪ። ወላጅ ይቆጣጠረው በሚለው በTV-PG ላይ ያለው V መጠነኛ ነው። TV-14 ላይ ያለው V ጠንካራ ድብደባና ግድያ ነው። ለአዋቂ ብቻ በሆነው በTV-MA ላይ ከሆነ ምንም አይሸፈንም።

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። ሳሎን ያለው ቲቪያችን በአንቴና ነው የሚሠራው። ስንገዛው ሻጩ በራሱ እጅ ሜኑ ውስጥ ገብቶ TV-14 ላይ V እና Sን ብቻ ዘጋልኝ። «መጥፎው ሁሉ ተዘግቷል፣ ሌላውን ግን ማየት ትችላላችሁ» አለኝ። ልቤ አርፎ ተቀመጥኩ።

ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ሶፋ ላይ ብርቱካን እየላጠች ቻናል ትቀያይራለች። አሮጌ የወንጀል ድራማ ይደግማሉ። ገና ሲጀምር የመታጠቢያ ገንዳ፣ ነጭ ንጣፍ፣ ንጣፉ ላይ ደም፣ ከገንዳው የወጣች የሴት እጅ። ከኩሽና ሮጬ ስመጣ ልጄ ብርቱካኑን እንደያዘች ደርቃለች። ጥግ ላይ የተጻፈው TV-14 ነው፤ ከሥሩ D እና L ብቻ። V የለም!

ለምን አለፈ? መዝጊያው ሥዕሉን አያይም። የሚያነበው ቻናሉ የላከውን ጽሑፍ ብቻ ነው። V ካልተጻፈበት V የለውም ማለት ነው። የፈረደው ሰው አስከሬን ብቻ እንጂ ግድያው ራሱ ስላልታየ V አያስፈልገውም ብሎ ይሆናል። ልጅ ይህን ልዩነት አታውቅም። ለብዙ ሌሊት መብራት ሳይጠፋ ነው የተኛችው።

ስለዚህ በፊደል አትዝጊ። በዕድሜ ዝጊ። TV-14ን እንዳለ ስትዘጊው ፊደል ኖረውም አልኖረውም አያልፍም፤ TV-MAም አብሮ ይዘጋል። ለ8 ዓመት ልጅ እኔ TV-PGንም ዘግቻለሁ። ለልጆች የሚሠሩት TV-Y እና TV-Y7፣ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆነው TV-Gም ይበቃታል። እኛ አዋቂዎቹ ስንፈልግ ኮዱን አስገብተን እናያለን። ከፋብሪካ የመጣውን ኮድ ግን ቀይሪው። አብዛኛውን ጊዜ 0000 ነው፤ ልጆች ደግሞ መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

ዜና፣ ስፖርትና ማስታወቂያ ደረጃ የላቸውም። TV-G እያየች መሃል ላይ የአስፈሪ ፊልም ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል፤ ሎኩ አያቆመውም። ኳስ ጨዋታ ላይ ይሄ ነገር የታወቀ ነው። እኔ ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፅ አጥፍቼ ቻናል እቀይራለሁ፤ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

3. ኬብል ቦክስ ካለሽ የቲቪውን ሎክ ዘግተሽ እፎይ አትበይ። መኝታ ቤት ያለው ቲቪያችን ከቦክስ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ የተገናኘ ነው። ቲቪው ላይ ሁሉንም ዘጋሁ፤ ሁሉም ያልፋል። ኬብል ኩባንያው ጋ ስደውል «የቲቪው ችግር ነው» አሉኝ። ቲቪ አምራቹ ጋ ስደውል «የቦክሱ ነው» አሉኝ። አንዷማ አነጋገሬን ሰምታ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ስጪኝ» አለችኝ። እንግሊዝኛውን የምትሰማው እኔው ነኝ፣ መልሱን ያላወቅሽው አንቺ ነሽ አልኳት።

መልሱን ያገኘሁት ራሴ ማኑዋሉን አንብቤ ነው። ደረጃው በዚያ ገመድ ከቦክሱ ወደ ቲቪው አይተላለፍም። ስለዚህ ቲቪው የሚያነበው ነገር የለም። መዘጋት ያለበት ቦክሱ ውስጥ፣ በራሱ ሜኑና በራሱ ኮድ ነው። አፕም እንደዚያው ነው። ኔትፍሊክስ ላይ ለልጅሽ ፕሮፋይል ብትከፍቺም ያንቺ ፕሮፋይል ኮድ ከሌለው የሚያግዳት ነገር የለም፤ ያንቺን ተጭና ትገባለች። መቆለፍ ያለበት ያንቺ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣውን ድራማ በዩቲዩብ የምናየውም ይህ የአሜሪካ ደረጃ የለውም፤ እሱን አብረሽ ቁጭ ብለሽ ካላየሽ ማንም አያይልሽም።

መሥራቱን ለማወቅ ማታ ልጅሽ ስትተኛ TV-14 የሚል ፕሮግራም ፈልጊ። ኮድ ከጠየቀሽ ሠርቷል። በእያንዳንዱ ቲቪ፣ በእያንዳንዱ ቦክስና አፕ ላይ ለየብቻ ሞክሪው።

አቤቱታን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ለቻናሉ ደወልኩ። «ሪሞቱ ያለው እርስዎ እጅ ነው» ተባልኩ። ይሄ ለእናት የሚሰጥ መልስ ነው? ኤፍሲሲም ደረጃ ይቀየር ብሎ አያዝም። ደረጃን የሚመለከት አቤቱታ የሚቀበል ቦርድ አለ፤ tvguidelines.org ላይ ይገኛል። ቦርዱ በአብዛኛው የኢንዱስትሪው ሰዎች ነው፤ ብዙ አትጠብቂ። ግን ጻፊ። የፕሮግራሙን ስም፣ ቻናሉን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከቻልሽም የክፍሉን ርዕስ ጨምሪ። ጥግ ላይ የነበረውን ጽሑፍ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። እኔ ፎቶውን አያይዤ ነው የላክሁት። ቻናሉ ደረጃው ትክክል ነው ብሎ መለሰ። ያንን ቻናል ከሳሎኑ ቲቪ ዝርዝር ውስጥ አጠፋሁት።

ቲቪሽ በአንቴና ነው ወይስ በቦክስ? ሞዴሉን ጻፊልኝ፤ ሜኑው የት እንዳለ አሳይሻለሁ።