የዱቤ ክፍያው ትንሽ ሆኖ ደመወዝ ለምን አይበቃም?

«ስልክ፣ ፍሪጅና ሶፋ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ገዛሁ። እያንዳንዱ ክፍያ ትንሽ ነው፤ ታዲያ ደመወዜ ለምን ወር አያደርሰኝም?»

ክፍያውን ያነጻጸሩት ከሙሉ ደመወዝዎ ጋር ስለሆነ ነው፤ መነጻጸር የነበረበት ግን ከቤት ኪራይ፣ ከአስቤዛና ከታክሲ በኋላ ከሚተርፈው ገንዘብ ጋር ነው።

በምሳሌ እንየው። እጅዎ የሚገባው 18,000 ብር፣ የማይቀረው ወጪ 14,000 ብር ቢሆን የሚተርፍዎ 4,000 ብር ብቻ ነው። ለስልኩ 1,200፣ ለፍሪጁ 1,500፣ ለሶፋው 900 ብር ሲከፍሉ እያንዳንዱ ከደመወዙ አንጻር ኢምንት ይመስላል፤ ተደምረው ግን 3,600 ብር ስለሚሆኑ በእጅዎ የሚቀረው 400 ብር ነው። የ1,000 ብር ዕቁብ ካለብዎት ደግሞ ወሩ ገና ሳይጀመር 600 ብር ጎድሎብዎታል፤ ይህን ጉድለት በብድር ከሸፈኑት በሚቀጥለው ወር ይብሳል።

ስለዚህ አዲስ ዱቤ ከመፈረምዎ በፊት፦

1. የሁሉንም ዱቤ ወርሃዊ ክፍያ ደምረው ከትርፍዎ ላይ ይቀንሱ።
2. ወርሃዊውን ክፍያ በወራቱ ብዛት አባዝተው ከእጅ በእጅ ዋጋው ጋር ያስተያዩ። በጥሬ ገንዘብ 12,000 ብር የሚሸጠው ስልክ በ1,200 ብር ለ12 ወራት ሲከፈል 14,400 ብር ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ልጨምር። ፒያሳ አካባቢ ቴሌቪዥን በዱቤ ስገዛ የመክፈያ ቀኑ በ25 መሆኑን ልብ አላልኩም፤ ደመወዜ የሚገባው በ30 ስለነበር፣ ገንዘቡ ሳይጠፋ በአምስት ቀን ልዩነት ብቻ ሦስት ጊዜ ቅጣት ከፍያለሁ። የመክፈያው ቀን ከደመወዝዎ ቀን በኋላ እንዲሆን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከፈረሙ በኋላ ማስቀየሩ አስቸጋሪ ነው።