መዝሙር 125 እና የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ፦ ሁለተኛው መስመር ምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። ድሬ ሳቢያን ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ማታ ከትልልቅ ሰዎች ጋር መዝሙረ ዳዊት እናጠናለን፣ እናቶች አሉ፣ ባጃጅ የሚነዱ አሉ፣ ጡረታ የወጡም አሉ። ዳዊቱን ብዙዎቹ ይደግሙታል ግን "አንዱን ነገር ለምን ሁለት ሁለቴ ይላል?" እያሉ ይጠይቁኛል፣ ምሳሌ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም የመሰለውን ይፈታል። ከየት ልጀምርላቸው?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአንድ አጭር መዝሙር ጀምሪ፣ እኔ ብሆን 125ን ነው የምይዘው፣ የዓርብ ዳዊት ውስጥ ስላለ ጆሯቸው ያውቀዋል፣ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ስልክ ላይ የሚያነቡት ግን 126 ላይ ሊያገኙት ይችላሉ፣ የዕብራይስጡ ቁጥር በአንድ ስለሚበልጥ ነው፣ ይህን መጀመሪያ ካልነገርሻቸው ግማሹ ሰው ሌላ መዝሙር ገልጦ ይቀመጣል።

ከዛ መዝሙሩን በትልቅ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ግን መጽሐፉ ላይ እንደታተመው አታያይዢው፣ ሐሳቡ በተሰበረበት ቦታ ሁሉ ወደ ታች ውረጂ። የዕብራውያን ግጥም እንደኛ ቤት መምቻ ላይ የቆመ አይደለም፣ አንድ መስመር ይላል፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ያንኑ ይዞ ይመልሳል፣ ቤቱን የሚመታው ሐሳቡ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው ወደ ግእዝም ወደ አማርኛም ሲመለስ ያልጠፋው፣ የቃል ድምፅ ሲተረጎም ይቀራል፣ የሐሳብ ጥንድ ግን አብሮ ይሻገራል።

እዚህ ጋ እኔ የሠራሁትን ስህተት አንቺ አትሥሪው። ሮበርት ሎውዝ የሚባል እንግሊዛዊ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥንድ ሦስት ቦታ ከፍሎታል፣ የሚደግም፣ የሚቃረን፣ የሚቀጥል ብሎ። እኔም ያንን አስጠናሁ፣ ከዛ ሰዉ በሙሉ ይሄኛው የሚደግም ነው አይ የሚቀጥል ነው እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከር መዝሙሩን ማንም አላየውም። ስሙን ተዪውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ሁለተኛው መስመር ምን ጨመረ?

ቁጥር 2ን ውሰጂ። መጀመሪያ አፋችን በሳቅ ተሞላ ይላል፣ ቀጥሎ አንደበታችን በእልልታ። ሁለተኛውን መስመር በወረቀት ሸፍኚና "ከአፍ ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስላችኋል?" በያቸው፣ ምላስ፣ አንደበት፣ ከንፈር ይሉሻል፣ ትክክል ናቸው፣ ጥንዱን ሳያውቁት ያውቁታል ማለት ነው። ከዛ ሽፋኑን አንሺና ሳቅና እልልታን አስተያያቸው። ሳቅ ቤት ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ እልልታ ግን ጎረቤት ይሰማል። እና ቀጥሎ ምን ይላል? በዚያን ጊዜ አሕዛብ "እግዚአብሔር ታላቅ ነገር አደረገላቸው" አሉ! ድምፁ ከአጥር ወጥቷል። አሁን ደግሞ ቁጥር 3ን ክፈቺ፣ ያው ቃል ተደገመ፣ "እግዚአብሔር ታላቅ ነገር አደረገልን"። ምን ተለወጠ? መጨረሻው ብቻ፣ "ላቸው" የነበረው "ልን" ሆነ። እኔ ጋ አንድ የባቡር ጡረተኛ ይህን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው "ጎረቤት ያወራልንን አሁን ራሳችን መሰከርን" አሉ። ሁለቴ ለምን ይላል ላሉሽ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ምሳሌው ላይ ስትደርሺ ቁጥር 4 ነው ከባዱ፣ በደቡብ እንዳሉ ፈሳሾች ምርኮአችንን መልስ ይላል። "ደቡብ" ሲባል ሰው ሐዋሳ አርባ ምንጭ ነው የሚታየው፣ አረንጓዴ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ፣ እና ትርጉሙ "ጌታ ሆይ አለምልመን" ይሆንና ያልፋል። የዕብራይስጡ ቃል ግን ኔጌቭ ነው፣ ከይሁዳ በታች ያለው ደረቅ ምድር። እዛ ፈሳሽ ማለት ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ብቻ የሆነ ሸለቆ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ባንዴ ይሞላል። እህቴ ይሄ ደቻቱ ነው እኮ! አሸዋውን በእግር እየተሻገሩ ያደጉ ሰዎች ናቸው ፊትሽ የተቀመጡት። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደንገጎ በኩል ደጋው ላይ የዘነበው እያጓራ ሲወርድ አይተዋል። ስለዚህ ከትርጉም በፊት ነገሩን ጠይቂያቸው፣ ከመምጣቱ በፊት ምን ይመስላል፣ ውኃው ከየት መጣ፣ ለመሙላት ስንት ጊዜ ፈጀበት? መልሱን ራሳቸው ይነግሩሻል፣ ደረቅ ነበር፣ እኛ ካላየነው ቦታ መጣ፣ በቅጽበት ሞላ። የመዝሙሩ ልመና ይኸው ነው።

ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ድሬ አልረሳችውም። ደቻቱን ስጠራ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው ይዘው ዝም አሉ፣ እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ። አሁን አስቀድሜ "ይህ ውኃ የሚያሳዝነው ሰው እንዳለ አውቃለሁ" ብዬ ነው የምጀምረው፣ ከዛም መዝሙር 68ን አነባለሁ፣ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ የሚለውን። ያው ውኃ እዛ ሞት ነው እዚህ መመለስ ነው፣ ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? በጥንዱ። 68 ላይ ከውኃው አጠገብ ያለው መስመር ረግረግና እግር መቆሚያ ማጣት ነው፣ 125 ላይ ከፈሳሹ ጋር የቆመው "ምርኮአችንን መልስ" ነው። ምሳሌን ብቻውን አታስፈቺ፣ አጠገቡ ያለው መስመር ነው የሚገድበው። ሁሉም የመሰለውን መፍታቱ የሚቆመው እዚህ ነው።

ቁጥር 6 ላይ ስትደርሺ ቅኔ የለመደ ሰው ካለ ደግሞ ወዲያው ወርቁን ይፈልጋል፣ ዘሩ ይህ ነው ነዶው ያ ነው ይልሻል። አትከልክዪው፣ የአባቶች ትርጓሜም አለ፣ ግን መጀመሪያ ሰሙን በደንብ ይይ፣ ገበሬውን ይይ። "በሄዱ ጊዜ ዘራቸውን ተሸክመው እያለቀሱ" ከላይ፣ "በመጡ ጊዜ ነዶአቸውን ተሸክመው ደስ እያላቸው" ከታች አድርገሽ ጻፊና በጣትሽ አጣምሪ፣ ሄዱ ከመጡ፣ ልቅሶ ከደስታ፣ ዘር ከነዶ። "ተሸክመው" ብቻ ሳይለወጥ ሁለቴ ቆሟል፣ ትከሻው ያው ትከሻ ነው፣ ሸክሙ ነው የተለወጠው። የሐረርጌ ገጠር ያደጉ እናቶች ካሉሽ ሊበላ የሚችል እህል ለዘር ብሎ መሬት ላይ መበተን ለምን እንደሚያስለቅስ እነሱ ያስረዱ፣ አንቺ ዝም በዪ።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱን በሙሉ አሳዪና ጎርፉንና ገበሬውን ጎን ለጎን አድርጊ። አንዱ ባንዴ ይመጣል የሰው እጅ የለበትም፣ ሌላው ወራት ይፈጃል እጅ ይፈልጋል። መዝሙሩ ሁለቱን ተከታትሎ ነው ያስቀመጠው፣ አንዱን መርጦ አልተወም። ለምን እንደሆነ አትንገሪያቸው፣ እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ ያስቡበት፣ ያመጡትንም ጻፊልኝ።