«አደረሰን» ወይስ «አደረሳችሁ»? የበዓል ምኞት ጥያቄና መልስ ከሀዋሳ

ሀዋሳ ውስጥ ባነርና የመልካም ምኞት ካርድ ሳትም 14 ዓመቴ ነው። የመስቀሉም፣ የኢዱም፣ የገናውም፣ የፊቼውም ጽሑፍ በአንድ ማሽን ነው የሚያልፈው። ቃል ሲበላሽ ባነሩ ተጠቅልሎ የሚመለሰው እኔው ዘንድ ስለሆነ፣ ማንን ምን እንደሚያስቀይም የተማርኩት ከኪሳራ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሥራው ቀዝቀዝ ብሏል፤ ጠይቁኝ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ የቢሯችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የበዓል መልእክት የምጽፈው እኔ ነኝ። 40 ያህል ሠራተኞች ነን። ባለፈው ፋሲካ «እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ትንሣኤ በሰላም አደረሰን፤ በዓሉ የእርድና የደስታ ይሁንልን» ብዬ ላክሁ። አንዲት ሙስሊም ባልደረባችን ምንም ሳትል ከግሩፑ ወጣች። ምኑ አስቀየማት?

ልቧን እሷ ናት የምታውቀው፤ ምናልባትም በሌላ ጉዳይ ወጥታ ይሆናል። ጽሑፉን ግን እኔ ጋ አምጥተኸው ቢሆን ሳላትመው እጠይቅህ ነበር። ችግሩ ያለው ቃላቱ መጨረሻ ላይ ነው። «ጌታችን»፣ «መድኃኒታችን»፣ «አደረሰን» ስትል 40ውንም ሰው «እኛ» ውስጥ አስገባሃቸው። ሙስሊም ኢሳን ነቢይ ብሎ ያከብራል፤ ተሰቀለ፣ ሞቶ ተነሣ የሚለውን ግን አይቀበልም። ስለዚህ የማታምንበትን ነገር በእሷ አፍ ተናገርክባት ማለት ነው። አንተ እንኳን አደረሳችሁ ማለትህ ነበር፤ ለእሷ የደረሳት ግን የእምነት ቃል ነው።

እንዲህ ብታደርገውስ፦ «የትንሣኤን በዓል ለምታከብሩ ባልደረቦቻችን በሙሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ። መልካም በዓል።» «ለምታከብሩ» የምትለዋ ቃል ናት ሥራውን የምትሠራው። የሚያከብረው ይቀበላታል፣ የማያከብረው ደግሞ ሳይነካ ያልፋል። እርዱንም ተወው። የክርስቲያን እርድ ሙስሊም አይበላም፣ የሙስሊሙንም ብዙ ክርስቲያን አይበላም፤ በአንድ ግሩፕ ላይ የሁሉንም ማዕድ ማቅረብ አይቻልም።

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ አስተካክዬ ባሳየው «የጌታን ስም አስወጣኸው!» ብሎ ተቆጣኝ። እሱም እውነት አለው። ለቤተሰቡና ለሰንበቴ ማኅበሩ ሲልክ ሙሉውን ይጻፍ፣ እኔም በወርቃማ ቀለም አትምለታለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም አድርጎ ሲልክ ግን የሚናገረው እሱ ብቻ አይደለም።

ከመናኸሪያ፦ እኔ የምለው፣ ለሙስሊም «እንኳን አደረሰህ» ጭራሽ አይባልም። የክርስቲያን ቃል ነው። «ኢድ ሙባረክ» ብቻ ነው የሚባለው።

በዓሉን በባለቤቱ ስም ጥራ ማለትህ ከሆነ ልክ ነህ። «ኢድ ሙባረክ» ከክርስቲያን አፍ ሲወጣ ደስ የማይለው ሙስሊም እስካሁን አልገጠመኝም። «እንኳን አደረሰህ» የክርስቲያን ብቻ ነው የምትለው ላይ ግን አልስማማም። ሙስሊም ደንበኞቼ ራሳቸው «እንኳን ለኢድ አልፈጥር በዓል አደረሳችሁ» ብለው ነው የሚያሳትሙት። ቃሉን ልብ ብለህ እየው፤ ማን እንዳደረሰ አይናገርም። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይላል፣ ሙስሊሙ አላህ ይላል፣ ቃሉ ለሁለቱም ይበቃል። የሚበላሸው አድራሹን ስትጨምርበት ነው። «ቅዱስ ገብርኤል እንኳን አደረሰህ» ብለህ ለጴንጤ ጓደኛህ ብትልክ፣ ሰላምታው ቀርቶ ስለ ምልጃ ክርክር ትገባላችሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማው በገብርኤል እንግዳ ሲሞላ ይህ ነገር በየዓመቱ ይገጥመኛል።

ሙስሊም ነኝ፣ ከታቦር፦ ክርስቲያን ጎረቤቴ ለኢድ «እንኳን አደረሰህ» ስትለኝ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላታለሁ። ወንድሜ «የሷን በዓል እንዳከበርክ ነው የሚቆጠረው» ይለኛል።

በዓሉ ያንተ፣ ምኞቱ ደግሞ ከእሷ ነው፤ የሷን በዓል ያከበርክበት ቦታ አይታየኝም። «አብሮ አደረሰን» የተለመደ መልስ ነው። በሕይወት ሆነን ይችን ቀን አየን ከማለት አያልፍም። ወንድምህን ከከበደው ግን «አሜን፣ እናመሰግናለን» ይበል፤ ማንም አይቀየመውም።

ከፒያሳ፣ እንደገና፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ራስህን ተቃረንክ። እኔን «አደረሰን» አትበል አልከኝ፣ እሱን በል አልከው።

ጥሩ ያዝከኝ። የሱ መልስ የተናገረው ቀኑን ብቻ ነው፤ ያንተ መልእክት ደግሞ «ለጌታችን ትንሣኤ» ብሎ ጀመረ። «አደረሰን» ብቻውን ጥፋት የለበትም። ከፊቱ የእምነት ቃል ሲቀመጥ ነው «ን» ሁሉንም አብራ የምትጎትተው። ለዘመን መለወጫ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰን» ብትል ማንም ቅር አይለውም፤ እዚያ ላይ ግን «ቅዱስ ዮሐንስ» ብለህ ብትጨምር የቤተ ክርስቲያን ስም ስለሆነ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ወጣት፣ ፕሮቴስታንት፣ ከሐይቅ ዳር፦ ኦርቶዶክስ አከራዬን ዓርብ ጠዋት «መልካም ስቅለት እትዬ» ብዬ ልስማቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ቤት ልቀቅ የሚሉኝ መስሎኝ ሰነበትኩ።

አይዞህ፣ አንተን ጠልተው አይደለም። በሰሙነ ሕማማት፣ ከሆሣዕና ማግሥት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ፣ ኦርቶዶክሶች እርስ በርሳቸውም አይሳሳሙም፤ ትከሻም አይገጫጩም። ይሁዳ ጌታን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያ ይታሰባል። ዓርብ ደግሞ የስግደትና የሐዘን ቀን ነው። «መልካም ስቅለት» ለቅሶ ቤት ገብቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እንደማለት ይሰማል። በዚያ ሳምንት ራቅ ብለህ እጅ ነሥተህ «በሰላም ያስፈጽምዎት» በል። «ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎት» ብትጨምርበት ደግሞ ቡና ሳይጠሩህ አይቀሩም። እሑድ ጠዋት ያኔ ሳማቸው።

አንድ ሱቅ «መልካም የስቅለት በዓል» የሚል ባነር ከነፊኛው አሳትሞኝ ነበር። እኔም ገና ጀማሪ ነበርኩና ዝም ብዬ አተምኩ። በዚያው ቀን አወረዱት፣ ገንዘቡንም አልጠየቅኋቸውም።

የረመዳንም ነገር እንዲሁ ነው። ጾሙ ላይ ላለ ሰው «ረመዳን ሙባረክ» ወይም «ረመዳን ከሪም» ይባላል፤ «ኢድ ሙባረክ» የሚባለው ጾሙ ሲያልቅ ነው። ደግሞም ወሩ 29 ወይም 30 ቀን የሚሆነው ጨረቃ ስትታይ ነው። ደንበኛዬ «እሑድ» ብሎ ቀን ካጻፈብኝ በኋላ ጨረቃ ሳትታይ ቀርታ ሰኞ ሆኖ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ባነር ላይ ቀን አላስገባም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22፤ ሱቄ ውስጥ ማን ውኃ እንደሚጠጣ፣ ማን እንደማይጠጣ እስክለይ ድረስ ግራ ተጋብቼ ነበር። ያን ጊዜ ለሁሉም «ጾሙን ይቀበልላችሁ» ብዬ ተገላገልኩ።

ከአዲስ ከተማ፦ ሙስሊም ጓደኛዬ ለገና «እንኳን አደረሰህ» አይለኝም። እኔ ለኢድ አንድም ዓመት አልፌው አላውቅም። ንቆኝ ነው?

የግድ አይደለም። በሌላ እምነት በዓል ምኞት መግለጽ ላይ የሙስሊም ዐዋቂዎች አይስማሙም። አንዳንዱ በዓሉን ማጽደቅ ይሆናል ብሎ ይከለክላል፣ ሌላው መልካም ጉርብትና ነው ብሎ ይፈቅዳል። የኔ ጎረቤት አንድ ጊዜም ቃሉን ተናግሮት አያውቅም፤ ግን በገና ጠዋት መጥቶ «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደኅና ናቸው?» ብሎ ይቀመጣል። እኛም ሥጋውን ትተን ከሐይቁ የመጣ ዓሣ እንጠብስለታለን። ቃሉን አልጠብቅበትም። አንተም ጓደኛህ ሌላውን ቀን እንዴት እንደሚይዝህ ነው ማየት ያለብህ።

ከመናኸሪያ፦ የኔም ጓደኛ ባለፈው ኢድ ስደውልለት አላነሳም! 3,000 ብር አበድሬው ነበር።

ወንድሜ፣ ያንተ የሃይማኖት ጉዳይ አይመስለኝም።

ከባህል አዳራሽ፦ የሲዳማ ባልደረባዬ ወንጌላዊት አማኝ ናት። ለፊቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ «አይዴ ጨምበላላ» ብዬ ጻፍኩላት፤ «እናመሰግናለን፣ እኛ ግን አናከብርም» አለችኝ። አፈርኩ። ለሲዳማ ሁሉ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ጥፋት የለብህም፤ ምኞቱ ትክክለኛው ነው፣ በጨምበላላ ቀን ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሉት እሱን ነው። ዩኔስኮም በዓሉን በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ ጉዱማሌ ላይ ሲከበርም ከየእምነቱ ሰው ይወጣል። ነገር ግን በወንጌላውያን መካከል ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ባህላችን ነው ይላል፤ ሌላው ከጥንቱ እምነት አልተለየም ብሎ ይርቃል። የሰውየውን ብሔር አይተህ ብቻ አትወስንም። አስቀድሞ «ፊቼን ታከብራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ቀላሉ ነው፤ ካላወቅህ «መልካም አዲስ ዓመት» ይበቃል። ቀኑንም አስቀድመህ አትላክ፤ አያንቶዎች ሰማዩን አይተው ነው የሚወስኑት፣ እንደ ጨረቃዋ ነው።

ሲዳማ ነኝ፣ ከቱላ፦ ጋሼ፣ «መልካም አዲስ ዓመት» ያልከውም ለሁሉም አይሠራም። አያቴ ቤተ ክርስቲያን አንድ እሑድ አትቀርም፣ ፊቼን ግን «አላከብርም» ትላለች። ማታውን ደግሞ ቡርሳሜ ሠርታ፣ ቅቤውን አፍስሳ፣ የጎረቤት ልጆችን ሁሉ ታበላለች። አንድ ዓመት «አዲስ ዓመት እንኳን አደረሰሽ» ብያት «የኔ አዲስ ዓመት መስከረም ነው» አለችኝ። እኔ አሁን ምንም አልላትም፤ ሄጄ እበላለሁ።

ይሄ ከኔ ይበልጣል። አያትህ ባነር ላሳትም ብትል ምን ብዬ እንደማትምላት አላውቅም። ደንበኛ መጣ፣ የመስቀል ደመራ ባነር ነው የሚፈልገው። ማታ እመለሳለሁ።