ከሬዙሜው አናት ላይ ያለችው አንቀጽ

ባለፈው ወር አንዲት እህት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ድረስ መጣች። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት አምስት ዓመት ሠርታለች። አሜሪካ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሁን የሕጻናት ማቆያ ውስጥ ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ አሥራ ስምንት ቦታ አመለከትኩ፤ አንዱም አልደወለልኝም» አለችና ሬዙሜዋንና አንድ የሥራ ማስታወቂያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች።

ማስታወቂያው የፕሮጀክት አስተባባሪ ይፈልጋል። እኔ ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች የእርዳታ ገንዘብ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ እንዲህ ላለው ቦታ የሚላከውን ሬዙሜ ተቀባይ ሆኜ ነው የማውቀው። መጀመሪያ የሚነበበው ከስምና ከስልክ ቀጥላ ያለችው አጭር አንቀጽ ናት። እዚህ «ሰመሪ» ይሏታል። የእሷ እንዲህ ይል ነበር፦ «ትጉህ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያለኝ፣ ዕውቀቴን ለድርጅቱ ዕድገት ለማዋል የምፈልግ።»

ሹፌርም፣ ነርስም፣ አስተናጋጅም ይህንኑ መጻፍ ይችላሉ። ስለ በጀት አንድ ቃል የለም። ማስታወቂያው ግን በጀትን አራት ቦታ ያነሳል። ወርሃዊ ወጪ መከታተል፣ በዕቅዱና በወጪው መካከል ያለውን ልዩነት ማብራራት፣ ለገንዘብ ሰጪዎች፣ ለካውንቲውና ለቦርዱ ሪፖርት ማቅረብ ይላል። እስክሪብቶ ይዘን እነዚህን አሰመርንባቸው።

«በጀት ላይ ሠርተሻል?» አልኳት።

«የለም ጋሼ፣ በጀቱ የፋይናንስ ነበር።»

«ታዲያ ወር ሲያልቅ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ከፋይናንስ ከሒሳብ ሶፍትዌሩ ከፒችትሪ የወጣውን ወረቀት እቀበላለሁ። ከዕቅዱ ጋር ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠዋለሁ። ከፍ ወይም ዝቅ ያለው የበጀት ርዕስ ላይ ምክንያቱን ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ እሰጣለሁ።»

ይኸው ነው እኮ! ማስታወቂያው የሚፈልገው ሥራ ይህ ነው። እኛ ጋ ስም ስላልነበረው እንደ ሥራ አልቆጠረችውም። እዚህ «ቫሪያንስ ሪፖርት» ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንዱ ወገናችን ይህን ሲሰማ ወዲያው «የግማሽ ሚሊዮን ዶላር በጀት አስተዳድሬያለሁ» ብሎ ይጽፋል። አስተባባሪ ግን ብዙ ጊዜ በጀት አያስተዳድርም። የመፈረም ሥልጣን ያለው ሥራ አስኪያጁ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «እስከ ስንት ድረስ በራስህ ፊርማ ታጸድቅ ነበር?» ብለው ሲጠይቁህ ነገሩ እዚያው ይፈርሳል። ተከታተልኩ፣ አነጻጸርኩ፣ ከሒሳብ ክፍሉ መዝገብ ጋር አመሳከርኩ፣ ልዩነቱን አብራራሁ። የአስተባባሪ ግሦች እነዚህ ናቸው፤ ማስታወቂያውም የሚለው እነዚህኑ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የኛ ይሉኝታ አለ። የእህታችን የድሮ ወረቀት በሙሉ «ተሠርቷል»፣ «ቀርቧል»፣ «አድርገናል» ነው። አንባቢው ማን እንደሠራው ማወቅ አይችልም። የቡድኑ ሥራ ውስጥ ከእጅሽ የወጣው የቱ ነው? ያንን ብቻ ጻፊ አልኳት።

ከዚያ ከበጀት ጋር የተያያዘ፣ መጥፎ ሊሆን ሲል የተስተካከለ ነገር ካለ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና የትራንስፖርቱን ነገር አነሳች። የንጹህ ውኃ ፕሮጀክት ነው፤ ዕድሜው ሁለት ዓመት። ለትራንስፖርት የተያዘው 900 ሺህ ብር ነበር። አሥራ ሁለተኛው ወር ሲያልቅ 612 ሺህ ብር ወጥቷል። ማለትም ጊዜው 50 በመቶ ሲሄድ ገንዘቡ 68 በመቶ ሄዷል። በዚያ አካሄድ መጨረሻው 1 ሚሊዮን 224 ሺህ ብር ነው፤ ከዕቅዱ በ324 ሺህ ብር ይበልጣል። ሥልጠናዎቹን ከሆቴል ወደ ወረዳ አዳራሽ በማዛወራቸው ደግሞ ከሥልጠናው ርዕስ ገንዘብ ተርፏል። እሷ ይህን በሰንጠረዥ አሳይታ ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ለማዛወር ለለጋሹ የሚቀርበውን ጥያቄ አረቀቀች፤ ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፤ ለጋሹ በጽሑፍ ፈቀደ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የእርዳታ ገንዘብ የነካ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ለጋሾች ከአንድ ርዕስ ወደ ሌላ ከተወሰነ በመቶኛ በላይ ስታዛውር አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሳይፈቀድ የወጣውን ኦዲተር ሲያገኘው «ተቀባይነት የሌለው ወጪ» ይለውና ድርጅቱ ከኪሱ ይመልሳል። እሷ ገንዘቡ ከማለቁ በፊት አይታዋለች። የቀጣሪው ዓይን የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡን መጠን ልንጽፍ ስንል ስህተት ልትሠራ ነበር። ስምምነቱ የተፈረመው ሰኔ 2011 ነው፤ ጠቅላላው 14.5 ሚሊዮን ብር። ስልኳን አውጥታ በዛሬው ምንዛሪ ልታሰላው ስትል ያዝኳት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው። በዚህ ብታሰላው ፕሮጀክቱ 145 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። በተፈረመበት ጊዜ ግን ዶላር 29 ብር አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ ፕሮጀክቱ የ500 ሺህ ዶላር ያህል ነው። እሷ የሠራችው ሥራ ያው ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። የለጋሹ ስምምነት ላይ በውጭ ገንዘብ የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱን ውሰዱ። ከሌለ በተፈረመበት ጊዜ በነበረው ምንዛሪ አስሉና ከፊቱ «ወደ» የሚል ቃል ጨምሩ። ብሩን ራሱን አትጻፉ፤ ለሜሪላንድ ቀጣሪ 14.5 ሚሊዮን ብር ብዙ ይሁን ትንሽ አይነግረውም።

ዓመተ ምሕረቱንም እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። 2011 ብሎ የጻፈ ሰው አጋጥሞኛል። አንባቢው ሰውየው ከሥራ ከወጣ ስምንት ዓመት ያለፈ መስሎት ነበር የተወው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጡ፤ የበጀት ዓመት ስትጠቅሱም ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የኛን አትጠቀሙ።

ሁለተኛው የማስታወቂያው ጭንቀት ስቴክሆልደር ነው፤ ባለድርሻ አካላት። «ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅርበት ሠርቻለሁ» ማለት ምንም አይነግርም። እነማን ናቸው? በየስንት ጊዜ? ምን ዓይነት ሪፖርት? አገር ቤት በዚህ ዘርፍ የሠራ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ግን እንደ ቢሮክራሲ ጣጣ ነው የሚያስታውሰው። የፕሮጀክት ስምምነት ከፋይናንስ ቢሮ፣ ከውኃ ቢሮ፣ ከጤና ቢሮ ጋር ትፈራረማለህ፤ ለእያንዳንዳቸው በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትልካለህ። ለጋሹ ሌላ ቅጽ አለው። ቦርዱ ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚያነበው። አንዱን ቁጥር ለሦስት ዓይነት አንባቢ በሦስት መልክ ማዘጋጀት! ካውንቲውና ቦርዱ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እህታችን በሁለት ዓመት ውስጥ ለለጋሹ ስምንት የሩብ ዓመት ሪፖርት አዘጋጅታለች፤ ሁሉም በቀነ ገደባቸው ገብተዋል። ስምንት ከስምንት ማለት ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተጨቃጨቅን በኋላ አንቀጿ እንዲህ ሆነች። በእንግሊዝኛ ነው የገባችው፤ እዚህ በአማርኛ ላስቀምጣት፦

«በበጀት ክትትልና በባለድርሻ አካላት ሪፖርት የአምስት ዓመት ልምድ ያላት የፕሮጀክት አስተባባሪ። ወደ 500 ሺህ ዶላር የሚጠጋ የንጹህ ውኃ ፕሮጀክት ወርሃዊ ወጪ ከዕቅዱ ጋር አነጻጽራ፣ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር አመሳክራ፣ ልዩነቱን አብራርታለች። የትራንስፖርት ወጪ ከዕቅዱ በላይ እየሄደ መሆኑን በፕሮጀክቱ አጋማሽ አይታ የበጀት ዝውውር ጥያቄ አርቅቃለች፤ ለጋሹም አጽድቆታል። ለለጋሽ፣ ለሦስት የመንግሥት ቢሮዎችና ለቦርድ ሪፖርት አዘጋጅታለች፤ ስምንቱም የለጋሽ ሪፖርቶች በቀነ ገደባቸው ገብተዋል። ኤክሴልና ሴጅ 50 ትጠቀማለች።»

አምስት ዐረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ላይ «እኔ» የሚል ቃል የለም፤ እዚህ አገር ሰመሪ ሲጻፍ ባለቤቱ ይቀራል። ሴጅ 50 ያልኩት ያው ፒችትሪን ነው። ስሙ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወጣት ቀጣሪ ፒችትሪ ቢባል ላያውቀው ይችላል።

«ትጉህ» የሚለውን ለማውጣት ብዙ ተከራከረችኝ። ሰው ራሱን ትጉህ ካላለ ማን ይለዋል ብላ። ስምንቱ ሪፖርት ይለዋል አልኳት። አልተዋጠላትም፤ ግን አወጣችው።

ስለ እድሩም ጠየቀችኝ። እዚህ የ120 ቤተሰብ እድር ሒሳብ ያዥ ናት፤ በየሦስት ወሩ ለአባላት ገቢና ወጪ ታነባለች። ጥሩ ነገር ነው፤ ሦስቱ ዓመት ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል። አንቀጿ ውስጥ ግን አላስገባነውም። ታች በበጎ ፈቃድ ሥራ ሥር «የጋራ መረዳጃ ማኅበር ሒሳብ ያዥ» ተብሎ ገባ። የሕጻናት ማቆያውም በቦታው ተጻፈ፤ ሥራውን መደበቅ ክፍተት ይፈጥራል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቀጣሪዎች ሬዙሜ ተቀብሎ በሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፤ መልማዩም በቃል ፈልጎ ያወጣል። ማስታወቂያው «ባጀት ትራኪንግ» ካለ እናንተም «ባጀት ትራኪንግ» በሉ፤ የሚያምር ሌላ ቃል አትፈልጉለት። የእህታችን ሬዙሜ ላይ ስሟና ሰመሪዋ ባለ ቀለም ሳጥን ውስጥ ነበሩ። አንዳንዱ ሶፍትዌር ሳጥን ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ይዘለዋል። እንዴት ይታወቃል? ፋይሉን ከፍታችሁ ሁሉንም ገልብጡና ባዶ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። እዚያ ላይ የጠፋው ወይም የተደበላለቀው ቀጣሪው ጋም እንዲሁ ሊደርስ ይችላል። የእሷን ስናደርገው አንቀጿ መጨረሻው ገጽ ላይ ከማጣቀሻ ሰዎች በታች ወጣች። ሳጥኑን አጥፍተን ተራ ጽሑፍ አደረግነው።

ከመሄዷ በፊት በሌላ ወረቀት ላይ የትራንስፖርቱን ስሌት በእጇ ጻፈች። 900፣ 612፣ 68 በመቶ፣ ከየት ወደ የት እንደዛወረ፣ ለጋሹ መልስ ለመስጠት ስንት ሳምንት እንደፈጀበት። የመጨረሻውን አላስታወሰችውም። ሐዋሳ ላለች የድሮ የሥራ ባልደረባዋ እዚያው ቁጭ ብላ በቴሌግራም ጻፈችላት።